ከሁለት ወር ደመወዝ አንድ ወር ተኩሉ የተሻለበት ዝውውር

አለቃዬ ነገሩን የነገረኝ ኮሪደር ላይ ቆመን ነው። አዲሱ መጋዘን ከአሥር ሳምንት በኋላ ሌላ ከተማ ይከፈታል፣ የሚመራው ሰው አንተ ነህ፣ ለመዛወሪያ የሁለት ወር ደመወዝ ይሰጥሃል አለኝ። ሁለት ወር! ደስ አለኝ። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

ያላልኩት በአጋጣሚ ነው። ስልኩ ጠራና ሄደ። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ "ገንዘቡ መቼ ነው እጃችን የሚገባው?" አላወቅኩም። የሚከፈለው ከግብር በፊት ይሁን ከግብር በኋላ፣ ሥራውን ብለቅ ምን እንደሚሆን፣ አዲሱ ከተማ ላይ የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ፣ አንዱንም አላወቅኩም። ጠዋት ለአለቃዬ እንዲህ አልኩት፦ "ሥራውን እፈልገዋለሁ። ግን ቤተሰብ ይዤ ነው የምሄደው፣ ወጪውን ቆጥሬ በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ልመልስልዎት፤ እስከዚያ ያሰባችሁትን በኢሜይል ይላኩልኝ።" ምንም ቅር አላለውም። ይሄን የምለው ብዙ ሰው ቀን መጠየቅ እምቢታ ይመስልብኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው። "እሺ" ካልክ በኋላ ግን የምትጠይቀው ነገር ሁሉ ልመና ይሆናል።

ኢሜይሉ ሲመጣ ከሰው ኃይል ክፍል የውል ረቂቅ ተያይዞበት ነበር። ዋናው ነገር ሦስት መስመር ነው። የሁለት ወር ደመወዝ ከግብር በፊት፣ አዲሱ ቦታ ላይ ሥራ በጀመርኩበት ወር መጨረሻ ከደመወዝ ጋር ይከፈላል። ኪራይን በተመለከተ ምንም የለም። በ24 ወር ውስጥ "በማንኛውም ምክንያት" ሥራዬን ካቆምኩ የተከፈለኝን ሙሉውን እመልሳለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ነው የምነግራችሁ። የማንም ሰው ደመወዝ ላይ እንዲሠራ፣ በወር እጄ ላይ የሚደርሰውን የተጣራ ደመወዝ 100 ልበለው። ከግብር በፊት ያለው 135 ነው። ከመደበኛው በላይ በሚጨመርልኝ ገንዘብ ላይ የሚቆረጠው ግብር ደግሞ 30 በመቶ ነበር። ስለዚህ ሁለት ወር ማለት 270 ነው፣ እጄ ላይ የሚደርሰው ግን 189 ነው። ከመጀመሪያው ደስታዬ አንድ ሦስተኛው የሚጠጋ እዚህ ጋ ሄደ።

ቀጥሎ ወጪውን። ባለቤቴ ኤክሴል ከፈተችና ሁለት ዓምድ ሠራች። አንዱ አንዴ ብቻ የሚወጣ፣ ሌላው በየወሩ የሚወጣ። መለያየቱ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ድርድሩን የቀየረው ግን እሱ ነው። በአንዴው ዓምድ ላይ ዕቃ ማሸግና ማጓጓዝ 40፣ የቤተሰቡ ጉዞ 8፣ ቤት ለመፈለግ ቀድሞ ሄዶ መመለስ 10፣ ቤት እስክናገኝ አንድ ወር ማደሪያ 45፣ ለአሮጌው ቤት አከራይ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ስላለብኝ ባልኖርበትም የምከፍለው ኪራይ 30፣ ደላላ 22፣ የልጁ ምዝገባና መጋረጃ ምናምን 25 ገባ። ድምሩ 180። ለማጓጓዣው ከሦስት ድርጅት ዋጋ ጠይቀን መካከለኛውን ነው የያዝነው።

189 ከ180 ይበልጣል። እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ በቂ ነው ብለን እንፈርም ነበር። በየወሩ የሚለው ዓምድ ግን ሌላ ታሪክ ነበረው። አሁን የምከፍለው ኪራይ 30 ነው። አዲሱ ከተማ ላይ ተመሳሳይ ስፋት ያላቸው፣ ከመጋዘኑ ተመሳሳይ ርቀት ላይ ያሉ ስድስት ቤቶች ስናይ መካከለኛው 45 ሆነ። ልዩነቱ በወር 15 ነው። ውሉ በሚያስረኝ 24 ወር ሲባዛ 360! የሁለት ዓመቱ ጉድለት ከመዛወሪያው ገንዘብ በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ባለቤቴ ሥራዋን ለቃ እስክታገኝ የምናጣውም አለ። እሷ በወር 60 ታመጣለች፣ አራት ወር ብትቀመጥ 240 ነው። ይሄንን ለብቻው አስቀመጥነው፣ ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላው ጉድጓድ ጊዜው ነው። አከራዮቹ መጀመሪያ የሦስት ወር ኪራይና የአንድ ወር ማስያዣ በአንድ ላይ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ። አራት ጊዜ 45፣ 180 ነው። ኪራዩ ወጪ አይባልም፣ መክፈሌ አይቀርም፤ ማስያዣውም ይመለሳል። ግን ቁልፉን ለመቀበል በጥሬው መኖር አለበት። ከላይኛው 180 ጋር ስደምረው በመጀመሪያው ወር ከኪሴ የሚወጣው 360 ነው፣ 189ኙ ደግሞ የሚመጣው ወሩ ሲያልቅ ነው። ይሄን ያህል የተቀመጠ ገንዘብ አልነበረንም። ብዙ ሰው በዝውውር ዕዳ ውስጥ የሚገባው ጠቅላላው ገንዘብ አንሶ ሳይሆን ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው፤ ሥራ ላይ ያየኋቸው ሁለት ሰዎች እንዲህ ነው የሆኑት።

ሦስተኛው የመመለሻው አንቀጽ ነው። በ23ኛው ወር ብለቅ 270 እመልሳለሁ። እኔ የተቀበልኩት 189 ነው! ግብሩ ተቆርጦ ሄዷል፣ እኔ ግን ያላየሁትን ገንዘብ ነው የምመልሰው። በዚያ ላይ "በማንኛውም ምክንያት" ማለት ድርጅቱ ራሱ ቅርንጫፉን ቢዘጋና ቢያሰናብተኝም ጭምር ማለት ነው። አንቀጹን የጻፈው ሰው ክፉ አስቦ አይመስለኝም፣ ከሌላ ውል የተገለበጠ ነው። ቢሆንም የሚያስረው የተጻፈው ነው።

አምስተኛው ቀን ላይ አንድ ገጽ ጽፌ ላክሁ። ከሁለት ወር ወደ ሦስት ወር አሳድጉልኝ አላልኩም። መጀመሪያ እንደዚያ ልል ነበር፣ የመለሰኝ አለቃዬ ነው። በር ዘግቶ፣ "ስማ፣ ሁለት ወር የእርከንህ ጣሪያ ነው፣ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ እሱን ለማስበለጥ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ድረስ ፊርማ ይፈልጋል። ግን እኔ የማዝበት ሌላ በጀት አለ" አለኝ። የአዲሱ መጋዘን መክፈቻ በጀት ማለቱ ነው። እዚያ ውስጥ መደርደሪያና ሹካ ማንሻ ማሽን የሚጭን መኪና አለ። መደርደሪያ ለሚገጥሙት ቴክኒሻኖች የተከራየ የእንግዳ ማረፊያ ቤት አለ። የሥራ ጉዞ ውሎ አበል አለ። ለካስ የሰው ኃይል ክፍል አይሆንም የሚለው ነገር ከሌላ ኪስ ይሆናል። ስትደራደሩ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ይሄንን ነው፦ የትኛው ገንዘብ በማን ፊርማ እንደሚወጣ። የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊዋ ለእኔ ብላ መመሪያ ብታላላ ነገ አሥር ሰው ይመጣባታል፣ እምቢ ማለቷ ትክክል ነው። አለቃዬ ግን የሚያሳስበው የመክፈቻው ቀን ነበር። ከውጭ ሰው ቢቀጥር ቅጥሩ ብቻ ወራት ይወስዳል፣ ከዚያ የዕቃ ምዝገባውን እስኪለምድ ሌላ ጊዜ። ይሄን እሱ ራሱ ያውቀዋል፤ እኔ እንደ ማስፈራሪያ አላነሳሁትም፣ አላስፈለገኝም።

ስለዚህ ገጹ ላይ የጠየቅኩት እንዲህ ነው። የቤት ዕቃዬ በድርጅቱ መኪና ይሂድ። በእንግዳ ማረፊያው አንድ ክፍል ለ60 ቀን ይሰጠኝ። ቤት ፍለጋውን መደርደሪያው ሲገጠም ለቁጥጥር ከምሄድበት የሥራ ጉዞ ጋር ላጣምረው። ቅድሚያ ኪራዩንና ማስያዣውን ድርጅቱ ከመሄዴ በፊት ቀጥታ ለአከራዩ ይክፈልና ከደመወዜ ይቁረጠው። ለኪራይ ልዩነቱ በወር 15 የቤት አበል ለ24 ወር። የመመለሻ አንቀጹ ይስተካከል። የባለቤቴን ገቢ ግን ጥያቄ አላደረግሁትም፤ እንደ መረጃ ብቻ ከታች ጻፍኩት። ጥያቄ ባደርገው "ለዚህ አሠራር የለንም" ተብሎ ውይይቱ እዚያው ላይ እንደሚቆም አለቃዬ ነግሮኛል። መረጃ ሆኖ ሲቀመጥ ግን ሌላውን ጥያቄ ከባድ አድርጎታል። ኃላፊዋ ራሷ በስብሰባው ላይ ሁለት ጊዜ አንስታዋለች።

ስብሰባው አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ። መኪናው፣ ማረፊያውና ጉዞው ወዲያው አለፈ። ከዚያ ኃላፊዋ፣ "እንግዲህ ማጓጓዣና ማደሪያ ከቻልንልዎ ሁለት ወር ልንሰጥ አንችልም፣ አንድ ወር ተኩል እናድርገው" አለች። ሆዴ ቦጭ አለ። ወረቀቱ ግን ፊቴ ነበር። አንድ ወር ተኩል ማለት 202.5 ነው፣ ከግብር በኋላ 142 ገደማ። ወጪዬ ደግሞ ከ180 ላይ የመኪናው 40፣ የማደሪያው 45፣ የቤት ፍለጋ ጉዞው 10 ወጥቶ 85 ይሆናል። በመጀመሪያው ሐሳብ የሚተርፈኝ 9 ነበር፣ አሁን 57 ነው። እሺ አልኩ። ወረቀት ባልይዝ ኖሮ "ቀነሱብኝ" ብዬ እከራከር ነበር፣ ተከራክሬም የተሻለውን አጣው ነበር።

የቤት አበሉ ላይ ነው ትግል የነበረው። የእሷ ፍርሃት አበሉ ለዘላለም ደመወዝ ሆኖ እንዳይቀር ነው፣ አዲሱ ከተማ ላይ የሚቀጠሩት ሰዎች እኮ ያንኑ 45 ከደመወዛቸው ነው የሚከፍሉት። ይሄ እውነት ነው፣ መልስ የለኝም። ያልኳት፣ "እነሱ ከተማውን መርጠው ነው፣ እኔን ግን ድርጅቱ ነው የሚወስደኝ፤ ለዘላለምም አልጠይቅም፣ እየቀነሰ ይሂድ" ነው። እየቀነሰ የሚለው ቃል ነገሩን ፈታው። የመጀመሪያው 12 ወር 15፣ ቀጣዩ 6 ወር 10፣ የመጨረሻው 6 ወር 5 ላይ ተስማማን። ድምሩ 270 ነው፣ ከ360ው ሦስት አራተኛው። ድርጅቱ ቤቱን በራሱ ስም ይከራይልህ የሚል አማራጭም ቀርቦልኝ ነበር። ቅድመ ክፍያና ማስያዣ አያስጨንቅም፣ ለብቸኛ ሰው ጥሩ ነው። እኔ ግን ሥራዬ በተቋረጠ ቀን ልጄም ከቤት እንዲወጣ ስላልፈለግሁ ተውኩት።

ረቂቁ ተስተካክሎ ሲመጣ "የቤት አበል 15" ይላል፣ ከግብር በፊት ወይም በኋላ አይልም። ዝም ብል የሚደርሰኝ 10.5 ነበር። ደውዬ በስብሰባው ላይ የተስማማነው እጄ ላይ ስለሚደርሰው ነው አልኳት፣ አስታወሰች። እጄ ላይ 15 እንዲደርስ ከግብር በፊት ስንት መሆን አለበት የሚለው ቀላል ነው፤ 15ን ለ0.70 ማካፈል ነው፣ 21.4 ይመጣል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው 15 ላይ 30 በመቶ ጨምሮ 19.5 ይጽፍና ነው፤ ያ እጅ ላይ ሲደርስ 13.65 ነው። የግብር መጠኑና አበል ላይ የሚጣለው ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ስለዚህ ደመወዝ የሚሠራውን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ ግን "ተቀባዩ እጅ ላይ የሚደርስ" የሚል ቃል ይግባ።

ቅድሚያ ክፍያው ቀላል ሆነ፣ ምክንያቱም ድርጅቱ ምንም አያጣም። 180ውን ለአከራዩ ከፈለ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለአከራዩ ስለማልከፍል፣ በወር 45 ሦስት ጊዜ ከደመወዜ ተቆረጠ፤ የማስያዣው 45 ደግሞ በ12 ወር ተከፋፍሎ በወር 4 የማይሞላ ሆነ። ወለድ የለውም። ከጠየቅኳቸው ነገሮች ሁሉ እንቅልፍ የሰጠኝ እሱ ነው።

የመመለሻው አንቀጽ 24 ወሩ ወደ 18 ወረደ። እኔ 12 ነበር የጠየቅኩት። የሚመለሰው እጄ የገባው 142 ብቻ ሆነ፣ በሠራሁት ወር ልክም ይቀንሳል። ዘጠኝ ወር ሠርቼ ብለቅ ግማሹን፣ 71 እመልሳለሁ ማለት ነው። "በማንኛውም ምክንያት" ወጥቶ "በራሱ ፈቃድ ሲለቅ ወይም በጥፋቱ ሲሰናበት" ገባ። የቤት አበሉ ደግሞ በምንም ሁኔታ አይመለስም የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስጨመርኩ። ይሄንን ማንም አልተቃወመም፣ ብረሳው ግን ማንም አያነሳልኝም ነበር።

አሁን ያልሆነልኝን ልንገራችሁ።

የእንግዳ ማረፊያው ለሠራተኛ ብቻ ነው። ቤተሰብ አያስገባም። አልጠየቅኩም፣ "አንድ ክፍል" ሲባል ቤተሰቤን ይዤ የምገባ መስሎኝ ነበር። የልጄ ትምህርትም መንፈቁ ገና አላለቀም። እኔ ቀድሜ ሄድኩ፣ እነሱ ከስድስት ሳምንት በኋላ መጡ፣ የአሮጌውን ቤት ኪራይ አንድ ተጨማሪ ወር ከፈልን። 57ቱ ወደ 27 ወረደ። እነሱን ለማየት ሁለት ጊዜ ስመላለስ ትኬቱን አለቃዬ ከበጀቱ ቻለልኝ፣ እሱም በቃል ነው፣ ቢቀየር ኖሮ ምንም የለኝም።

መኪናው ደግሞ የመጣው ቦታ ሲገኝ ነው። ፍሪጃችን በመደርደሪያ ብረት መካከል ቆሞ ሄዶ በሩ ገብቶ፣ ጎማው ተቀዶ ደረሰ። ሲዘጋ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፣ ባለቤቴ ለሁለት ሳምንት በገመድ አስራው ነበር። ኢንሹራንስ ስጠይቅ ፖሊሲው የድርጅቱን ንብረት ብቻ ነው የሚሸፍነው ተባልኩ። ከፍዬ የማጓጓዣ ድርጅት ብጠቀም ኖሮ ለጉዳት ተጠያቂ ሊሆን የሚችል አካል ይኖር ነበር። በድርጅታችሁ መኪና ዕቃ ስታስጭኑ የግል ንብረት በኢንሹራንሱ ይካተት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ካልተካተተ ሳትጭኑ በፊት ፎቶ አንሱና ለብቻው አስገቡት።

የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሲገባ የቤት አበሉ የለም። ደብዳቤው ተፈርሟል፣ ማኅደሬ ውስጥ አለ፣ ደመወዝ ክፍል ግን አልደረሰም። በዚያ ላይ ሥራ የጀመርኩበት ቀን የአሮጌው ቅርንጫፍ ሲስተም ላይ ስላልተዘጋ እዚያው እንዳለሁ ነው የሚያሳየው። የሁለቱ ወር አበል ተደምሮ የተከፈለኝ በሁለተኛው ወር ነው። ቀድሜ የደብዳቤውን ግልባጭ ለደመወዝ ክፍል በስም ብልክና አበሉ "ከዚህ ቀን ጀምሮ" ብሎ ቀኑ ቢጻፍ ይሄ አይመጣም ነበር። ደብዳቤው የሚለው "ከተዛወረበት ጊዜ ጀምሮ" ነው፣ እሱን ደግሞ ሁሉም በየራሱ ያነበዋል።

ባለቤቴ ሥራ ያገኘችው በአምስተኛው ወር መጨረሻ ነው፣ ካሰብነው አንድ ወር ዘግይታ። በዚያ ጊዜ ያቆየን ድርጅቱ ለአከራዩ ቅድሚያ ስለከፈለልን ሳንበደር መቅረታችን ነበር።

ከባዱ የመጣው በ13ኛው ወር ነው። የቤት ውሉ ሲታደስ አከራዩ ኪራዩን ከ45 ወደ 52 ከፍ አደረገ። በዚያው ወር አበሌ ከ15 ወደ 10 ወረደ። የኪራይ ልዩነቴ 22፣ የማገኘው 10። የአበሉን መውረጃ ቀን ስንጽፍ የቤቱ ውል የሚታደስበት ቀን እንደሆነ ማናችንም አላሰብንም፤ አበሉም በቁጥር ነው የተጻፈው እንጂ ከኪራዩ ጋር አልታሰረም። "ከኪራዩ ላይ ይህን ያህል በመቶ" ተብሎ ቢሆን ወይም መውረጃው ከውሉ እድሳት ሦስት ወር ቢርቅ ኖሮ ጉዳቱ ይቀል ነበር። አዲሱን የኪራይ ውል አያይዤ ለኃላፊዋ ጻፍኩላት። በሦስት ቀን መለሰች፣ በትህትና። ደብዳቤው ላይ ክለሳ የሚል ቃል የለም አለች። ትክክል ነች፣ የለም። 10ሩ 10 ሆኖ ቀረ፣ ከስድስት ወር በኋላም ወደ 5 ወረደ።